የሲቲ ስካን ሐሰተኛ ጥላዎች፦ እንቅስቃሴ፣ የጨረር መጠንከርና ብረት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደኑ አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል አንዲት ሴት በሲቲ ስካን የተመረመረች የመጀመሪያዋ ታካሚ ሆነች። መሐንዲሱ ጎድፍሬይ ሀውንስፊልድ የሠራው ያ የመጀመሪያ መሣሪያ የሚያነሣው ጭንቅላትን ብቻ ነበር። ታካሚዋ ጭንቅላቷን የምታስገባውም ውሃ በተሞላ ሳጥን ውስጥ በተገጠመ የጎማ ቆብ ነው። ውሃው ያለ ምክንያት አልገባም። ጨረሩ በየትኛውም መስመር ቢያልፍ በግምት እኩል ውፍረት እንዲያቋርጥ ያደርጋል፤ ይህም ዛሬ የጨረር መጠንከር የሚባለውን ችግር ያቃልላል። ሳጥኑ ከሲቲ ክፍል ከወጣ ቆይቷል፤ ችግሩ ግን አብሮት አልወጣም።

የሲቲ ምስል እንደ ፎቶግራፍ በቀጥታ የሚነሣ አይደለም። የኤክስሬይ ቱቦው በታካሚው ዙሪያ እየዞረ ከብዙ አቅጣጫ ጨረር ይልካል፤ በተቃራኒው ወገን ያለው ዲቴክተር ምን ያህሉ እንደደረሰ ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ከነዚህ ልኬቶች ተነሥቶ ምስሉን በስሌት ይሠራል። ስሌቱ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ እውነት አድርጎ ይወስዳል፦ አካሉ አልተንቀሳቀሰም፣ ጨረሩ ባለ አንድ ጉልበት ነው፣ በየአቅጣጫው ለልኬት የሚበቃ ጨረር ዲቴክተሩ ጋ ደርሷል። አርቲፋክት የሚባለው ሐሰተኛ ጥላ ወይም ጭረት በአብዛኛው የሚፈጠረው ከሦስቱ አንዱ ሲፈርስ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂስቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው እንደፈረሰ ነው።

ለመረዳት የሚቀለው እንቅስቃሴ ነው፤ አሳሳችነቱ ግን ቀላል አይደለም። ልቡ በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታን ሰው እንውሰድ። አንዱ ምት 0.8 ሰከንድ ይወስዳል። ቱቦው አንድ ዙር በ0.5 ሰከንድ የሚጨርስ ከሆነ ለአንድ ምስል የሚያስፈልገው ግማሽ ዙር ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ይህ የምቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ስለሚወዛወዝ ግድግዳው ድርብ ሆኖ ይታያል። ድርቡ መስመር የአኦርታ የውስጥ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ከሚታየው ሽፋን ጋር ይመሳሰላል፤ ስንጥቁ ደግሞ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ የሚችል ሕመም ነው።

ልዩነቱ የሚታወቀው ዙሪያውን በማየት ነው። ሐሰተኛው መስመር የሚታየው ለልብ በቀረበው የአኦርታ ክፍል ሲሆን፣ ወደ ላይ ባሉት ምስሎች ላይ ድንገት ይጠፋል፤ በዚያው ከፍታ የልብ ጠርዝም ደብዝዞ ይገኛል። መፍትሔው ምርመራውን ከኢሲጂ ጋር አያይዞ ልብ በአንጻራዊነት ጸጥ በሚልበት ቅጽበት የተሰበሰበውን መረጃ ብቻ መጠቀም ነው። ለትንፋሽ ግን የሚሻለው ቀላል ዘዴ ነው፦ ቴክኖሎጂስቱ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ትንፋሹን መያዝ እንዲለማመድ ያደርጋል። ትንፋሹን ለመያዝ ለማይችል ሰው ደግሞ ፈጣን ዙርና አጭር የምርመራ ጊዜ ይመርጣል።

ሁለተኛው ችግር ከጨረሩ ባሕርይ የሚመጣ ነው። ከቱቦው የሚወጣው ጨረር ደካማና ብርቱ ጉልበት ያላቸው ቅንጣቶች ድብልቅ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ባለ 40 ኪሎኤሌክትሮንቮልት 1,000 ቅንጣቶች ብንልክ 5 ያህሉ ብቻ ያልፋሉ፤ ባለ 80 የሆኑት ግን ከ1,000ው 25 ያህሉ ያልፋሉ። ደካማዎቹ ቀድመው ስለሚቀሩ የቀረው ጨረር በአማካይ እየጠነከረ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ይህን ስለማያውቅ በወፍራሙ መካከል ብዙ ጨረር ሲያልፍ ያየና አካሉ እዚያ ሳሳ ብሎ ይተረጉመዋል። በዚህ የተነሣ ወጥ በሆነ የውሃ ዕቃ ምስል ላይ እንኳ መሃሉ ከጠርዙ ይጠቁራል፤ በጭንቅላት ምርመራም በሁለቱ የጆሮ አጥንቶች መካከል የአንጎልን ግንድ የሚያቋርጥ ጥቁር መቀነት ይወጣል።

ለዚህ መሣሪያው ራሱ ሁለት መከላከያ አለው። ከቱቦው አፍ ላይ የሚገጠም የብረት ማጣሪያ ደካማዎቹን ቅንጣቶች ታካሚው ጋ ሳይደርሱ ያስቀራል። ከዚህም በላይ ማሽኑ በውሃ ዕቃ እየተለካ ስሌቱ ይታረማል። የውሃ ልኬት 0 ሀውንስፊልድ መሆን አለበት፤ በዕለታዊ ፍተሻ መሃሉና ጠርዙ የተለያየ ቁጥር ከሰጡ ማስተካከያው እንደተዛባ ይታወቃል። የውሃው እርማት ለአጥንት ሙሉ በሙሉ ስለማይበቃ፣ ዘመናዊ ስሌቶች አጥንቱን ለይተው ተጨማሪ እርማት ያደርጋሉ።

ሦስተኛው ችግር፣ ለልኬት የሚበቃ ጨረር ዲቴክተሩ ጋ አለመድረሱ፣ ጎልቶ የሚታየው ብረት ሲኖር ነው፤ የጨረር መጠንከርም አብሮ ይከብዳል። ሁለቱም ዳሌዎቻቸው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተኩ አንድ አረጋዊ የሽንት ፊኛቸው ይታይ ተብሎ ለሲቲ ተላኩ እንበል። የመገጣጠሚያው ራስ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኮባልትና ክሮም ቅይጥ ነው። ባለ 100 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ጨረር እንኳ ይህን ውፍረት ሲያቋርጥ ከ10,000 ቅንጣቶች አንዷም በአግባቡ አታልፍም። ያንኑ ያህል ውፍረት ያለው ቲታኒየም ቢሆን ግን ከ1,000 ውስጥ 25 ያህል ያልፉ ነበር። በጎን በኩል የሚሄደው ጨረር ደግሞ ሁለቱንም ራሶች በተከታታይ ስለሚያገኝ ዲቴክተሩ ላይ የሚደርሰው ከመሣሪያው የራሱ ጫጫታ አይለይም። ውጤቱ ከዳሌ እስከ ዳሌ የተዘረጋ ጥቁር መቀነትና ከብረቱ የሚፈልቁ ብሩህ ጭረቶች ናቸው፤ ፊኛው ያለውም በዚያው መቀነት ውስጥ ነው።

ቴክኖሎጂስቱ በቅድሚያ የሚወልቀውን ብረት ሁሉ ያስወልቃል፤ መገጣጠሚያው ግን አይወልቅም። ስለዚህ የቱቦውን ቮልቴጅ ከ120 ወደ 140 ኪሎቮልት ያሳድጋል፤ ብርቱ ጨረር ብረትን በተሻለ ያልፋል፣ የታካሚው የጨረር መጠን ግን ይጨምራል። መሣሪያው በሁለት ቮልቴጅ መለካት የሚችል ከሆነ፣ ከ100 ኪሎኤሌክትሮንቮልት በላይ በሆነ አንድ ጉልበት የተነሣ የሚመስል ምስል በስሌት ያወጣል። ይህ የጨረር መጠንከርን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጨረሩ ጨርሶ ባላለፈበት መስመር ግን ሊያርም የሚችለው ልኬት የለም። በደም ሥር የተሰጠው የአዮዲን ማቅለሚያም በከፍተኛ ጉልበት ምስል ላይ ይደበዝዛል።

ለቀረው ክፍተት የሚያገለግለው የብረት አርቲፋክት መቀነሻ ስሌት ነው። ስሌቱ ጥሬው ልኬት ላይ የብረቱን ጥላ ይለይና ይሰርዘዋል፤ ባዶውን ከግራና ከቀኝ ካሉት ልኬቶች ገምቶ ይሞላል፤ ከዚያ ምስሉን እንደገና ሠርቶ ብረቱን በቦታው ይመልሳል። የፊኛው ግድግዳ ወደ ዕይታ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

የተሞላው ግን ግምት ነው። ከብረቱ ሥር ያለ ቀጭን ስብራት በግምቱ ሊሸፈን ይችላል፤ በተገላቢጦሽም በብረቱ ዙሪያ መገጣጠሚያው የላላ የሚያስመስል ሐሰተኛ ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። የሐሰተኛው ክፍተት ምልክት በታረመው ምስል ታይቶ ባልታረመው አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂስቱ የታረመውን ምስል ብቻውን ለራዲዮሎጂስቱ አይላክ፤ ያልታረመውም አብሮት ይላክ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም በግልጽ ይጻፍበት።