የመጠጥ ውሃን በቤት ውስጥ ማከም

የመጠጥ ውሃን በቤት ውስጥ ማከም ማለት ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ወይም ከቦኖ የተቀዳን ውሃ ከመጠጣት በፊት ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ማጽዳት ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቁት መንገዶች ማፍላት፣ ክሎሪን መጨመርና ማጣራት ናቸው። ልዩነታቸው ይበልጥ የሚታየው ውሃው ከታከመ በኋላ በጄሪካን ወይም በእንስራ ሲቀመጥ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ባልታጠበ እጅ ወይም ጣሳ እንደገና ይበከላልና።

ማፍላት

ማፍላት ባክቴሪያን፣ ቫይረስንና ጥገኛ ተሕዋስያንን ሁሉ ይገድላል፤ ድፍርስ ውሃም አያግደውም። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ በሆነችው ነቀምት የመፍያው ነጥብ 93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ይህም ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም ለጥንቃቄ ከ2000 ሜትር በላይ ለ3 ደቂቃ፣ ከዚያ በታች ለ1 ደቂቃ ማንተክተክ ይመከራል። በቢላና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ከፍታውን የማያውቅ ሰው 3 ደቂቃውን ቢይዝ ይሻለዋል።

ችግሩ ማገዶ ነው። 1 ሊትር ለማፍላት 1 ኪሎ ያህል እንጨት እንደሚፈጅ ይገመታል። ከዚህም በላይ የፈላ ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ ራሱን የሚጠብቅበት ነገር የለውም። ስለዚህ በፈላበት ዕቃ ውስጥ ተከድኖ መቆየት አለበት።

ክሎሪን

ክሎሪን ከሌሎቹ የሚለየው በውሃው ውስጥ ቀርቶ በኋላ የሚገባውን ብክለትም መከላከሉ ነው። ለጥሩ ውሃ በሊትር 2 ሚሊግራም፣ ለድፍርስ ደግሞ 4 ሚሊግራም ይጨመራል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን እንውሰድ፦ የሚያስፈልገው 40 ሚሊግራም ነው። እንደ ውሃ አጋር ላለ 1.25 በመቶ ክሎሪን ለያዘ ፈሳሽ ይህ ወደ 3 ሚሊሊትር ይሆናል፤ ውሃው ድፍርስ ከሆነ እጥፉ። በዕሽጉ ላይ የተጻፈው መጠን ግን ይቀድማል። ካናወጡት በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ያኔ ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለ ጭቃውና ቅጠላ ቅጠሉ ክሎሪኑን ጨርሶታል ማለት ነው። በክረምት ምንጮች ሲደፈርሱ ይህ የተለመደ ነው፤ ውሃውን አዝቅጦ፣ በጨርቅ አጥልሎ እንደገና ማከም ይገባል። የበረኪና ኃይል በሙቀትና በፀሐይ ስለሚደክም የቆየ ጠርሙስ አያስተማምንም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ደግሞ በዚህ መጠን አይሞትም።

ማጣሪያ

የሸክላና የአሸዋ ማጣሪያዎች ድፍርሱን፣ ጥገኛ ተሕዋስያንንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ያስቀራሉ። ቫይረስ ግን እጅግ ትንሽ በመሆኑ ብዙው ያልፋል። የተሰነጠቀ ሸክላ ውሃን ከወትሮው በፍጥነት ያወርዳል፤ ስለዚህ ድንገት የፈጠነ ማጣሪያ ሊመረመር ይገባል።

የተጣራ ውሃ በክሎሪን ቢታከም አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ክሎሪኑ የሚጨመረው ግን ከማጣሪያው በታች ባለው ዕቃ ነው፤ ከላይ ከተጨመረ በአሸዋው ላይ የሚኖረውንና ጀርም የሚበላውን ሕያው ሽፋን ይገድለዋል።