ሰርቨር ‘429’ ብሎ ሲመልስ መፍትሔው ለምን ቆይታን እያረዘሙ መጠበቅ ሆነ?

አንድ መተግበሪያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተፈቀደለት በላይ ጥያቄ ሲልክ፣ ተቀባዩ ሰርቨር `429 Too Many Requests` የሚል ምላሽ ይሰጣል። እአአ በ2012 በይፋ የተደነገገው ይህ ቁጥር “ጥያቄው የተሳሳተ ነው” ማለት አይደለም፤ “ጥያቄው በዝቷል፣ ቆይተው ይሞክሩ” ማለት ነው።

አንዳንድ ሰርቨሮች የቆይታውንም ርዝመት አብረው ይናገራሉ፦

```
Retry-After: 30
```

ይህም ከ30 ሰከንድ በፊት ሌላ ሙከራ እንዳይደረግ ያሳስባል። እንዲህ ያለ መመሪያ ከሌለ የተለመደው መፍትሔ፣ ከእያንዳንዱ እምቢታ በኋላ ቆይታውን በእጥፍ ማሳደግ ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ ከዚያም 16 ሰከንድ።

ምክንያቱ በስሌት ይታያል። 200 መተግበሪያዎች በአንድ ቅጽበት ተከለከሉ እንበል። ሁሉም በየሰከንዱ ቢሞክሩ በ31 ሰከንድ ውስጥ 6,200 ጥያቄዎች ይጎርፋሉ። ቆይታቸውን በእጥፍ ካሳደጉ ግን፣ አንዱም ባይሳካለት እንኳ፣ ጥያቄዎቹ ከ1,000 አይበልጡም። ሰርቨሩም ፋታ ያገኛል።

አንድ ችግር ግን ይቀራል። በአንድ ቅጽበት የተከለከሉት 200ዎቹ እኩል ከጠበቁ ተመልሰው የሚመጡትም በአንድነት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች በእያንዳንዱ ቆይታ ላይ በዘፈቀደ የተመረጠ ጥቂት ጊዜ ያክላሉ፤ ለቆይታውም ለሙከራው ብዛትም ጣሪያ ያበጃሉ።

ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም። ያለቀው የዕለቱ ኮታ ከሆነ፣ ኮታው እስኪታደስ ድረስ የትኛውም ሙከራ አይጠቅምም። ውድቅ የተደረገውንም ጥያቄ የሚቆጥሩ አገልግሎቶች ስላሉ ደግሞ፣ ችኮላ እገዳውን ሊያራዝመው ይችላል።