የመንደር ውል በሰበር ፊት

በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ቤት ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ነገሩ በደላላ ይጀመራል። ቀብድ ይከፈላል፣ ሦስት ምስክሮች ባሉበት ወረቀት ይፈረማል። ሰዉ ይህን የመንደር ውል ይለዋል። ወደ ውልና ማስረጃ የሚኬደው ለስም ዝውውር፣ ብዙ ቆይቶ ነው። በዚህ መሐል የቤቱ ዋጋ ከጨመረና ሻጭ ከተጸጸተ ክርክሩ ቦሌ ምድብ ችሎት ይደርሳል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ያ ወረቀት ውል ነው ወይስ አይደለም?

የጥያቄው ሥር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። አንቀጽ 2877 ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ የሚጠይቀው ጽሑፍን ነው። አንቀጽ 1723 ግን ከጽሑፍ ሌላ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። አንቀጽ 1720 ደግሞ ሕጉ ያዘዘው ፎርም ካልተሟላ ረቂቅ እንጂ ውል የለም ይላል። አንዱ ዳኛ በ2877፣ ሌላው በ1723 ቢፈርድ ሁለቱም ሕግ ጠቅሰዋል።

እንዲህ ያለውን ልዩነት ማን ይፍታው? የ1955ቱ የፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 195 የበታች ፍርድ ቤቶች በሕግ ጉዳይ የበላዮቻቸውን ውሳኔ እንዲከተሉ አዝዞ ነበር። በኋላ የመጣው የ1988ቱ አዋጅ ቁጥር 25 ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አላስቀመጠም። የሰበር ውሳኔ ዳኛውን ቢያሳምነው ይቀበለዋል፤ ባያሳምነው ሊያልፈው ይችል ነበር። ለውጡ በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 454 መጣ። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደረገ። አዋጁ አንድ በር ክፍት ተወ፤ ችሎቱ ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም መስጠት ይችላል። የአቻ ፍርድ ቤት ፍርድና የምሁራን ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬም አሳማኝ ከመሆን አያልፉም።

በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ሰበር በመዝገብ ቁጥር 21448 ስለ ቤት ሽያጭ ወሰነ። በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት የጸና ውል አይደለም አለ። ከዚያ ወዲህ የቦሌው ዳኛ የመንደር ውል ሲቀርብለት 2877ን አንብቦ በራሱ መንገድ መሄድ አልቻለም። የትርጉሙ ጫና ከቤት ገዢዎችም አልፎ ሄደ፤ 1723 የቤት መያዣንም ይነካልና። ሕግ አውጪው በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 639 ባንኮችና አነስተኛ የገንዘብ ተቋማት ለሚሰጡት ብድር የሚደረገውን የመያዣ ውል ከዚህ ፎርም ነጻ አደረገ። አስገዳጅ ትርጉም ዳኛን እንጂ ሕግ አውጪን አያስርም።

ችሎቱ ቆይቶ በመዝገብ ቁጥር 36887 እንደገና ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። እዚህ መዝገብ ላይ ተከራካሪዎች ውሉን መፈራረማቸውን አልተካካዱም ነበርና ውሉ ባለመመዝገቡ ብቻ ፈራሽ አይሆንም አለ። ቦሌ ላይ በምሳሌ እንየው። ሻጭ «አልሸጥኩም፣ ፊርማው የእኔ አይደለም» ቢል ገዢውን የ21448 ትርጉም ይጫነዋል። ሻጭ «ፈርሜያለሁ፣ ገንዘቡንም ተቀብያለሁ፣ ግን አልተመዘገበም» ቢል ገዢው «የእኔ ጉዳይ የተለየ ነው» ብሎ 36887ን ያነሳል። መለየት ማለት ይኸው ነው፦ የቀደመው ትርጉም እንደቆመ ሆኖ ለውጤቱ ወሳኝ የሆነው ፍሬ ነገር ሲለይ ወደ ጎን ይቀመጣል። የመንገዱ ቁጥር ወይም የዋጋው መጠን ቢለይ ግን አይበቃም።

እኔ እንደማየው ሁለተኛው ውሳኔ መለየት ብቻ አልነበረም። በ1720 መሠረት ፎርም የሌለው ወረቀት ረቂቅ ከሆነ፣ ረቂቅን ማመን ውል አያደርገውም። ችሎቱ ያልተካደውን ውል ሲያጸና ፎርሙን ከውሉ ህልውና ወደ ማስረጃነት አወረደው። ይህ ትርጉምን መለወጥ ነው፤ ለውጡ ግን በግልጽ አልተነገረም። ሁለቱም ቁጥሮች እንደጸኑ ሲጠቀሱ የቦሌው ዳኛ የትኛው እንደሚያስገድደው ከፍሬ ነገሩ መርጦ ለመወሰን ይገደዳል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 የአምስት ዳኞችን አስገዳጅነት አጽንቶ፣ ቀደም ሲል የተሰጠን አስገዳጅ ትርጉም ለመለወጥ ወይም የሚጋጩ ትርጉሞችን ለማስታረቅ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙ አዘዘ። 36887ም በዚህ መንገድ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ቤት የምትገዙ ሁሉ፣ ሻጩ ነገ ውሉን እንደማይክድ በመተማመን 36887 ላይ አትደገፉ፤ ገንዘቡን ከማስረከባችሁ በፊት ሻጩን ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ።