በበይነ መረብ ለገዙት ዕቃ ከፍለው ሻጩ ቢሰወር ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል?

በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ለተመለከቱት ዕቃ ገንዘብ ከላኩ በኋላ ሻጩ ስልኩን ቢዘጋ ገንዘቡ የመመለስ ዕድሉ በዋናነት የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ክፍያው በምን መንገድ እንደተላለፈ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ገዥው ምን ያህል ፈጥኖ እንዳመለከተ ነው።

ለአብነት ያህል፣ አንድ አርሶ አደር ከቴሌግራም ቻናል የውኃ መሳቢያ ሞተር ለመግዛት ተስማማ እንበል። ዋጋው 28 ሺህ ብር ነው። ግማሹን፣ ማለትም 14 ሺህ ብር፣ በሞባይል ባንክ ወደ አንድ ግለሰብ ሂሳብ ላከ። በማግስቱ ሻጩ “ዕቃው መኪና ላይ ተጭኗል፤ ለማጓጓዣ 3 ሺህ ብር ጨምር” አለው። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ግን ስልኩ አይነሳም፤ ቻናሉም ገዥውን አግዷል። ዕቃውን ሳያሳዩ ተደጋጋሚ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ የማታለል ግልጽ ምልክት ስለሆነ፣ ሁለተኛው ክፍያ ሳይፈጸም ማቆም ይገባ ነበር።

ባንኩ ለምን ወዲያው አይመልስም?

ገንዘቡን የላከው ደንበኛው ራሱ በምስጢር ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ባንኩ ዝውውሩን የሚቆጥረው በባለቤቱ ፈቃድ እንደተፈጸመ ነው፤ በላኪው አቤቱታ ብቻ ከተቀባዩ ሂሳብ ቀንሶ አይመልስም። ለዚህም የተቀባዩ ስምምነት ወይም ሥልጣን ያለው አካል ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ሆኖም ገንዘቡ ከተቀባዩ ሂሳብ ካልወጣ የማገድ ዕድል አለ። አታላዮች የደረሳቸውን ገንዘብ ወዲያውኑ ስለሚያወጡ ወይም ወደ ሌላ ሂሳብ ስለሚያዛውሩ፣ ከቀናት ይልቅ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

በቅድሚያ መደረግ ያለባቸው

የመጀመሪያው ማስረጃ መያዝ ነው። በቴሌግራም የግል ንግግር ላይ ሻጩ መልእክቶቹን ከገዥው ስልክ ላይ ጭምር ሊያጠፋ፣ በ@ የሚጀምረውን የመለያ ስሙንም ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ከመሳደብና ከማስፈራራት በፊት ንግግሩን፣ ማስታወቂያውን፣ የመለያ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን በስክሪንሾት ማስቀረት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ለከፈሉበት ተቋም መደወል ነው። ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር ደግሞ 127 ይደወላል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ዋናው መረጃ የግብይት ቁጥሩ ሲሆን፣ በንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ FT በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ገንዘቡ ወደ ሌላ ባንክ ከተላለፈ፣ የራስን ባንክ ለተቀባዩ ባንክ እንዲያሳውቅ መጠየቅ ይገባል። በስልክ ያመለከቱትንም ቅርንጫፍ ሄዶ በጽሑፍ ማስገባት፣ ግልባጩንም መያዝ ይበጃል።

በዚያው ዕለት ደግሞ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። በኮምፒውተር አማካኝነት የሚፈጸም ማታለል በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ሻጩ የተጠቀመበት ስም ሐሰተኛ ቢሆንም እንኳ፣ ሂሳቡ የተከፈተው በአንድ ሰው መታወቂያ ነውና ምርመራው ከዚያ ሊጀምር ይችላል። የሂሳቡ ባለቤት ግን ስሙን ለሌላ ያዋሰ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ በራስ ፍለጋ ቤቱ ድረስ ከመሄድ መቆጠብ ይገባል።

የመገበያያ መድረኩ ዋስትና መቼ ይሠራል?

የገዥ ዋስትና የሚኖረው ክፍያው በመድረኩ በኩል ሲያልፍ ነው። ቴሌግራም ሻጩና ገዥው የሚገናኙበት መንገድ እንጂ ገንዘቡን የሚይዝ ወገን ስላልሆነ፣ አጭበርባሪን መጠቆም ቢቻልም ከእርሱ ገንዘብ አይገኝም። በአንጻሩ እንደ አሊ ኤክስፕረስ ያሉ ገበያዎች ገዥው ዕቃውን መረከቡን እስኪያረጋግጥ ክፍያውን ለሻጩ አይለቁም። ስለዚህ ዕቃው ሳይደርስ “ተረክቤያለሁ” የሚለውን መጫን ዋስትናን አሳልፎ መስጠት ነው።

በውጭ አገር ያለ ዘመድ በፔይፓል ከፍሎላችሁ ከሆነ፣ ከክፍያው ቀን ጀምሮ በ180 ቀናት ውስጥ ክርክር መክፈት ይቻላል። ክፍያው ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚለው ምርጫ ከተላከ ግን የግዥ ዋስትናው አይሸፍነውም። አንዳንድ ሻጮች ያንን ምርጫ አጥብቀው የሚጠይቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከተታለሉ በኋላ “ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ” የሚል ሌላ ሰው መደወሉም የተለመደ ነው። ባንክም ሆነ ፖሊስ የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም፤ ገንዘብ ለማስመለስም ቅድሚያ ክፍያ ወደ ግለሰብ ሂሳብ እንዲላክ አያዝም። ከማያውቁት ሻጭ ሲገዙ ዕቃውን አይቶና ሞክሮ በርክክብ ወቅት መክፈል፣ ሻጩም ይህን እምቢ ካለ ግዥውን መተው ያዋጣል።