ተመልካቹ ምን ያህል ይፍጠን? የአንድ የንድፍ ልማድ ታሪክና ወሰኑ

ሞተር ለመቆጣጠር የሚነሣ መሐንዲስ የሚያገኘው የሚፈልገውን ሁሉ ሳይሆን መለኪያው የሚሰጠውን ብቻ ነው። የዘንጉ አቀማመጥ በፖቴንሽዮሜትር ይነበባል፤ ፍጥነቱ ግን የራሱ መለኪያ ካልተገጠመለት አይታይም። የሁኔታ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ተቆጣጣሪው ሁለቱንም እንዲያውቅ ይጠይቃል።

የተሰወረውን ሁኔታ ከሚታየው ውጤት ማወቅ የሚቻለው መቼ እንደ ሆነ ሩዶልፍ ካልማን በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሞስኮ ላይ በተደረገው የአውቶማቲክ ቁጥጥር ዓለም አቀፍ ጉባኤ አስረዳ። ቀላሉን የአሠራር መንገድ ያሳየው ግን በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቱን የፈጸመው ዴቪድ ሉወንበርገር ነው። በ1964 ያሳተመው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሥርዓቱን ሞዴል ሠርተህ ለእውነተኛው ሞተር የምትሰጠውን ትእዛዝ ለሞዴሉም ስጠው፤ ከዚያም በተለካውና ሞዴሉ በገመተው መካከል ባለው ልዩነት ሞዴሉን አርመው። ይህ የታረመ ሞዴል ተመልካች (ኦብዘርቨር) ተባለ፤ ሁኔታዎቹን በሙሉ ሲገምት ሙሉ ተመልካች ይባላል።

x̂' = A x̂ + B u + L(y − C x̂)

የግምቱን ስህተት e = x − x̂ ብንል፣ e' = (A − LC)e ይሆናል። ሥርዓቱ የሚታይ እስከ ሆነ ድረስ L ን በመምረጥ የስህተቱን ፖሎች እንደ ፈቀድን ማስቀመጥ እንችላለን። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተመልካቹና ተቆጣጣሪው ሲጣመሩ የሚገኙት ፖሎች የA − BK እና የA − LC ፖሎች ናቸው እንጂ ሌላ አይጨመርም። ስለዚህ ሞዴሉ ትክክል ከሆነ፣ ተመልካቹ ቢዘገይም እንኳ ሥርዓቱ የተረጋጋ ነው። «ተመልካቹ ከተቆጣጣሪው ከሁለት እስከ ስድስት ጊዜ ይፍጠን» የሚለው ደንብ እንግዲህ የቲዎረም ትእዛዝ አይደለም፤ ተቆጣጣሪው በተሳሳተ ግምት የሚሠራበት ጊዜ እንዲያጥር ሲባል ከልምድ የመጣ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ሞተሩን አቃለን x1' = x2፣ x2' = u፣ y = x1 እንበል፤ x1 አቀማመጥ፣ x2 ፍጥነት ነው። የተቆጣጣሪውን ፖሎች −2 ± j2 ላይ ብናደርግ s² + 4s + 8 ይገኛል፤ ስለዚህ K = [8 4] ነው። የተመልካቹን ሁለት ፖሎች አምስት ጊዜ አርቀን −10 ላይ ብናስቀምጥ s² + 20s + 100 ይሆናል፤ ከዚህም L1 = 20፣ L2 = 100 ይወጣል። አሁን «ፈጣን ከሆነ ይበልጥ ይፍጠን» ብለን −40 ላይ ብንወስደው L1 = 80፣ L2 = 1600 ይሆናል። ፍጥነቱ አራት ጊዜ ሲያድግ L2 አሥራ ስድስት ጊዜ አደገ።

የዚህን ዋጋ በሁለት ቦታ እንከፍላለን። አንደኛው በመነሻው ነው። ዘንጉ 1 ራዲያን ላይ ሳለ ተመልካቹ ከዜሮ ቢጀምር፣ የፍጥነቱ ግምት ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ይዘላል። ፖሎቹ −10 ላይ ሲሆኑ ትልቁ ስህተት በ0.1 ሴኮንድ 3.7 ራዲያን በሴኮንድ ነው፤ −40 ላይ ግን በ0.025 ሴኮንድ 14.7 ይደርሳል። ይህ በ4 ተባዝቶ ወደ ትእዛዙ ስለሚገባ ማጉያው ከአቅሙ ወሰን ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውን ንባብ የአቀማመጡ ግምት መነሻ ማድረግ ነው። ማጉያው ወሰኑ ላይ ሲደርስም ለተመልካቹ የሚሰጠው የታዘዘው ሳይሆን በእርግጥ ለሞተሩ የደረሰው u መሆን አለበት።

ሁለተኛው ዋጋ የመለኪያው ሁከት ነው። በፖቴንሽዮሜትሩ ሽቦ ላይ ከመብራት መስመር የመጣ የ50 ኸርዝ ሁከት 0.01 ራዲያን ያህል ቢኖር፣ በመጀመሪያው ተመልካች የፍጥነቱን ግምት በ0.003 ራዲያን በሴኮንድ ገደማ ያናውጠዋል፤ በሁለተኛው ግን በ0.05። ምልክቱ በኦሲሎስኮፕ ይታያል፦ ዘንጉ ቆሞ ሳለ የትእዛዙ መስመር ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩም ያጉረመርማል። ይህን ያየ ሰው የፖሎቹን ፍጥነት መቀነስ ይገባዋል እንጂ ጥፋቱን ከተቆጣጣሪው አይፈልግ።

ለልማዱ ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1978 ጆን ዶይል በካልማን ማጣሪያ ላይ የተመሠረተ ምርጥ ተቆጣጣሪ እንኳ የተረጋገጠ የመረጋጋት ትርፍ እንደሌለው አሳየ። በ1979 ከጉንተር ስታይን ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ተመልካቹን ማፋጠን ብቻውን ያንን ትርፍ ሁልጊዜ እንደማይመልስ፣ መመለሻው የፖሎቹ ርቀት ሳይሆን የL አመራረጥ መንገድ መሆኑን አስረዱ። ከላይ ያየነው መለያየት ሞዴሉ ትክክል ሲሆን ብቻ የሚሠራ መሆኑ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ የሞተሩ ጭነት ከሞዴሉ ሲለይ ስህተቱና ሁኔታው እርስ በርሳቸው ይነካካሉና።

እንግዲህ ከሁለት እስከ ስድስት ያለው ቁጥር ለመነሻ ይበጃል። ከዚያ በኋላ ግን ንድፍ አውጪው ሁለት ነገር ይመርምር፦ መለኪያው የሚሸከመውን ሁከት፣ እንዲሁም በሞዴሉ ውስጥ ያለውን ጭነት ከፍና ዝቅ ሲያደርግ የሥርዓቱ ፖሎች ወዴት እንደሚሄዱ። የተመልካቹን ፍጥነት የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።