የዝቅተኛ መዋዠቅ መከለያ ምጣኔ

በፋይናንስ ሰዎች ዘንድ «ሚኒመም ቫሪያንስ ሄጅ ሬሾ» የሚባለውን እዚህ «የዝቅተኛ መዋዠቅ መከለያ ምጣኔ» እንለዋለን። የያዘው ዕቃ ዋጋ እንዳይወርድበት የሚሰጋ ነጋዴ፣ ከዕቃው ስንት እጁን የሚያህል የወደፊት ውል ቢሸጥ የገቢው መዋዠቅ ከሁሉ እንደሚያንስ የሚነግረው ቁጥር ነው።

ሐምቡርግ ያለ አስመጪ 375,000 ፓውንድ የታጠበ የሲዳማ ቡና መጋዘን አስገብቷል እንበል። ገዢ እስኪያገኝ ድረስ በኒውዮርክ የአረቢካ የወደፊት ውል ራሱን ይከልላል። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ስለሆነ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ 10 ውል መሸጥ ነው። ያ ግን የሲዳማ ዋጋ ኒውዮርክን ሳንቲም በሳንቲም ይከተላል ማለት ነው፤ አይከተልም። ትክክለኛው ስሌት ይህ ነው፦

h = ρ × σS ÷ σF

σS የሲዳማ ዋጋ ሳምንታዊ ለውጥ መደበኛ ልይይት ነው፣ σF የኒውዮርኩ፣ ρ ደግሞ የሁለቱ ለውጦች ተዛምዶ። የሚለካው ለውጡ እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም፤ አብረው የሰነበቱ ሁለት ዋጋዎች በየሳምንቱ ባይገጣጠሙም ተዛምዷቸው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላልና። ለምሳሌ ያህል σS 9 ሳንቲም፣ σF 12 ሳንቲም፣ ρ 0.8 ቢሆን ምጣኔው 0.6 ይሆናል። አስመጪው የሚሸጠው 6 ውል ነው።

ምን አተረፈ? ምንም ባይከልል መዋዠቁ በፓውንድ 9 ሳንቲም ነበር። በ10 ውል ወደ 7.2 ይወርዳል፣ በ6 ውል ወደ 5.4። የመከለያው ውጤታማነት የρ ካሬ ነው፣ 0.64። «64 በመቶ ተከለለ» ሲባል ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያ የቫሪያንሱ ቅነሳ ነው። በሳንቲም ሲታይ የቀነሰው 40 በመቶ ብቻ ነው።

የቀረው 5.4 ሳንቲም የክፍተት ስጋት ይባላል። ክፍተቱ በዕቃው ዋጋና በወደፊት ውሉ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የቡና ነጋዴዎች ዲፈረንሻል ይሉታል። በሐምሌ 2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብራዚል ውርጭ ሲመታት የኒውዮርክ ዋጋ ተተኮሰ። የሲዳማ ዋጋ ግን በአገር ቤት ምርት፣ በላኪዎች የመሸጥ ፍላጎትና በመንግሥት የወጪ ንግድ ደንብም ይነዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከድሮ መረጃ የተሰላው 0.8 ራሱ ሊፈርስ ይችላል። የውል ቁጥር መጨመርም አይረዳም፤ ከ6 በላይ የሚሸጠው እያንዳንዱ ውል መዋዠቁን መልሶ ያሳድጋል።

ክፍተቱን የሚዘጋው ሌላ ውል ነው። አስመጪው ለአንድ ቡና ቆይ ኩባንያ «ኒውዮርክ ሲደመር 40 ሳንቲም» ብሎ ቡናውን አስቀድሞ ከሸጠ፣ ዲፈረንሻሉ ተቆርጧል። ዋጋው እስኪቆረጥ ድረስ የቀረው የኒውዮርክ መዋዠቅ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ምጣኔው 1 ነው፣ የሚሸጠውም 10 ውል።