የመንግሥትና የግል አጋርነት በቆሻሻ አሰባሰብ
ማዘጋጃ ቤት ከማኅበር ወይም ከድርጅት ጋር ውል ገብቶ ሥራውንም የኪሳራ ስጋቱንም የሚከፋፈልበት አሠራር ነው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 የከተማ አስተዳደሮች በደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አገልግሎት ለሚደረግ ኢንቨስትመንት ምቹ ሁኔታ እንዲፈጥሩ ይደነግግ ነበር። በአዲስ አበባ የአገልግሎት ክፍያው ከውሃ ሂሳብ ጋር ሲሰበሰብ፣ ማኅበራቱ ገንዳ ድረስ ባመጡት ሜትር ኩብ ልክ ይከፈላቸው ነበር። ስለዚህ ነዋሪው ባይከፍል ጉድለቱ የከተማው ነበር፤ ማኅበሩ ይሰጋ የነበረው የቆሻሻው መጠን እንዳያንስበት ነው። በዚህ አከፋፈል ቆሻሻን ሳይጠቀጥቁ ጭኖ መጠኑን ማጋነን ይቻላል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ይታወቃል።

የከምባታዋን ሺንሺቾ በሚያህል ከተማ ግን ማኅበሩ ራሱ ቤት ለቤት ክፍያ ቢሰበስብ፣ ያልተከፈለው ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ገንዳ አንሺው መኪና ሲዘገይ የሚታጣውን ገቢ ግን፣ መኪናውን የሚያሰማራው ማዘጋጃ ቤቱ ከሆነ፣ ራሱ ማዘጋጃ ቤቱ ሊሸከመው ይገባል።